ጋፕ ሁሉ ይሞላል? በስንት ቀን?

ጥያቄ፦ «የተማርኩት ሁሉ "ጋፕ ሳይሞላ አይቀርም" ይላል። የምከታተለው አንድ አክሲዮን 50 ዶላር ላይ ዘግቶ አደረ፤ የዚያ ቀን ከፍተኛ ዋጋው 50.80 ነበር። ማታ ጥሩ የሩብ ዓመት ውጤት አወጣና በማግስቱ 56 ላይ ተከፈተ፤ ከ55.20 በታችም አልወረደም። ቮልዩሙ ከወትሮው አራት እጥፍ ነበር። ከዚያ በፊት በቀን ወደ 1 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ይሞላል ብዬ በ56.10 ሾርት አደረግሁ፣ ስቶፕ አላስቀመጥኩም። አሥራ አንድ የግብይት ቀን አለፈ፣ አሁን 60.40 ነው። ይሄ ብሬክአዌይ ጋፕ ነው ወይስ ኤግዞስሽን? ልጠብቅ ወይስ ልውጣ?»

መልስ፦ ይውጡ። እንዲወጡ የምልዎት ዋጋው ስለጨመረብዎት ብቻ አይደለም። ሾርት ሲያደርጉ ተበድረው የሸጡትን አክሲዮን በኋላ በርካሽ ገዝተው ለመመለስ ነው የተወራረዱት፤ ሲገቡም ስሌቱ ከእርስዎ ጋር አልነበረም። የጋፑን ዓይነት ማወቅም አያድንዎትም፤ ለምን እንደማያድንዎት እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን «ጋፕ» እና «መሙላት» በሚሉት ሁለት ቃላት ላይ መግባባት አለብን፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ሰው በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር እየጠራ ነው።

ዋጋ ትናንት ከዘጋበት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ዛሬ ሲከፈት ብዙዎች ጋፕ ይሉታል። ይህ የመክፈቻ ጋፕ ነው። በዕለታዊ ቻርት ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ የሚታየው ግን ሌላ ነው፦ የዛሬው ዝቅተኛ ዋጋ ከትናንቱ ከፍተኛ በላይ ሆኖ ሲውል፣ ወይም በተቃራኒው የዛሬው ከፍተኛ ከትናንቱ ዝቅተኛ በታች ሆኖ ሲውል ነው። ትናንት 50 ላይ ዘግቶ ዛሬ 50.40 ላይ የተከፈተ አክሲዮን ረፋዱ ላይ ወደ 49.90 ከወረደ የመክፈቻ ጋፕ ነበረው፤ ማታ ቻርቱን ሲያዩት ግን የሁለቱን ቀን ዋጋ የሚያሳዩት ካንድሎች ተደራርበዋል፣ ክፍተት የሚባል ነገር የለም። የእርስዎ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ከ50.80 እስከ 55.20 ድረስ በመደበኛው ሰዓት አንድም ግብይት ያልተደረገበት 4.40 ዶላር ስፋት ያለው ባዶ ቦታ አለ።

ያ ቦታ ባዶ የሆነው ለምንድን ነው? ገበያው ተዘግቶ ሳለ ዜና መጣ፤ ትናንት በ50.50 ለመሸጥ ተሰልፈው የነበሩት ሰዎች ሌሊቱን ትእዛዛቸውን አነሱ፣ ገዢዎች ደግሞ ዋጋ ጨመሩ። ጠዋት የመክፈቻው ጨረታ የተጠራቀሙትን ትእዛዞች ሁሉ አስተያይቶ ከፍተኛውን ግብይት የሚያስፈጽመውን አንድ ዋጋ ፈለገ፤ ያ ዋጋ 56 ሆነ። በ52 ወይም በ54 ግብይት ያልተደረገው በዚያ ዋጋ ገዢዎች የሚፈልጉትን ያህል የሚሸጥ ሰው ስላልነበረ ነው። ብዙዎች ክፍተቱን ገበያው ትቶት እንደሄደና ተመልሶ ሊከፍለው እንደሚገባ ዕዳ ይቆጥሩታል። ገበያ እንዲህ ዓይነት ዕዳ የለበትም። ባዶው ቦታ የሚነግረን የሰዎች ግምት በአንድ ሌሊት መለወጡን ነው።

«ተሞላ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ይላላል። ዋጋው ወደ ክፍተቱ ትንሽ ሲገባ የሚቆጥሩ አሉ፣ ግማሹን ሲሸፍን የሚቆጥሩ አሉ፣ የቀደመውን ቀን ጠርዝ ሲነካ የሚቆጥሩ አሉ፣ የቀደመውን መዝጊያ ካልነካ የማይቀበሉም አሉ። በእርስዎ ቻርት ላይ እነዚህ 55.19፣ 53፣ 50.80 እና 50 ናቸው። አንዱ «ተሞላ» ሲል ሌላው ገና 5 ዶላር ይቀረዋል ማለት ነው። እኔ ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ 50.80 ነው።

አሁን ወደ አባባሉ ልምጣ። «ጋፕ ሁሉ ይሞላል» የሚለው ከምንም የተነሳ አይደለም። ከዕለት ዕለት የሚፈጠሩት ጋፖች አብዛኞቹ ጥቃቅን የመክፈቻ ጋፖች ናቸው። ከመዝጊያ እስከ መዝጊያ በቀን ወደ 1 ዶላር ገደማ የሚዋዥቅ አክሲዮን ከትናንት መዝጊያው 30 ሳንቲም ከፍ ብሎ ቢከፈትና ከዚያ በኋላ ምንም ዓይነት አቅጣጫ ባይኖረው፣ ዝም ብሎ እንደ ሳንቲም ውርወራ ወዲያና ወዲህ ቢል፣ በዚያው ቀን የትናንቱን መዝጊያ የመንካት ዕድሉ 76 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ከአራት ጊዜ ሦስቱን «ጋፑ ተሞላ» እያልን እንውላለን። ገበያው ግን ምንም የሞላው ነገር የለም፤ 30 ሳንቲም በቀን 1 ዶላር ለሚንቀሳቀስ ነገር ትንሽ ርቀት ስለሆነ ብቻ ነው። ትምህርቱን የሰጡዎት ሰዎች ይህን እውነት ከጥቃቅኖቹ ወስደው ከውጤት ሪፖርት በኋላ ለሚመጣ ትልቅ ጋፕም አውርሰውታል።

የእርስዎን በዚሁ መለኪያ እንየው። ከ56.10 እስከ 50.80 ያለው ርቀት 5.30 ዶላር ነው። ምንም አቅጣጫ የሌለው፣ በቀን ወደ 1 ዶላር የሚዋዥቅ ዋጋ በ10 የግብይት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ወርዶ የመንካት ዕድሉ 9 በመቶ ገደማ ነው። በ60 ቀን ወደ 50 በመቶ ይደርሳል። አንድ ሙሉ ዓመት፣ ማለትም 250 የግብይት ቀን ከሰጡት 74 በመቶ ይሆናል። ልብ ይበሉ፤ አክሲዮኑ ያው ነው፣ ጋፑም ያው ነው። ከ9 ወደ 74 ያደረሰን የጠበቅንበት ጊዜ ርዝመት ብቻ ነው። የዋጋ ርቀት በቀን ቁጥር ልክ አያድግም፣ በቀኑ ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው የሚያድገው፤ እጥፍ ርቀት ለመድረስ አራት እጥፍ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ ጋፑ በሰፋ ቁጥር መጠበቂያው ከሚያስቡት በላይ ይረዝማል።

በሒሳቡ ጫፍ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ወደ ላይም ወደ ታችም ዝንባሌ የሌለው የዘፈቀደ ጉዞ ማለቂያ የሌለው ጊዜ ከተሰጠው የትኛውንም ደረጃ አንድ ቀን መንካቱ እርግጥ ነው፤ በአማካይ የሚወስድበት ጊዜ ግን ወሰን የለውም። «ጋፕ ሁሉ ይሞላል» የሚለው ሰው ቀን ካልቆረጠ በስተቀር ስለ ገበያው ምንም አልነገረዎትም ማለት ነው። ከዚህም በላይ አክሲዮኖች በረዥም ጊዜ ዝንባሌ የሌላቸው አይደሉም። ኩባንያ ሲያድግ ዋጋው ትቶት ሊሄድ ይችላል፤ ሲከስር ደግሞ ከገበያ ይሰረዝና ወደታች የተፈጠረው ጋፕ የሚሞላበት ቻርት ራሱ አይኖርም።

«ቢሆንም ብዙ ጊዜ ስለሚሞላ ብዙ ጊዜ አተርፋለሁ» የሚል ሐሳብ መጥቶብዎት ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ገንዘብ የሚያልቀው። ትርፍዎ 5.30 ላይ እንዲቆም፣ ኪሳራዎ ደግሞ በእጥፉ፣ ማለትም 10.60 ላይ እንዲቆም አድርገው ቢገቡ፣ አቅጣጫ በሌለው ዋጋ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያተርፋሉ። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ሁለቴ 5.30 ሲያገኙ አንዴ 10.60 ያጣሉ፤ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ኮሚሽንና ሾርት ያደረጉበትን አክሲዮን የተበደሩበት ክፍያ ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ኪሳራው እንዲቆም ያዘዙበትን ዋጋ፣ ማለትም ስቶፑን፣ ይበልጥ ባራቁት ቁጥር የማሸነፍ ድግግሞሽዎ ይጨምራል፣ የአንዷ ኪሳራ መጠንም በዚያው ልክ ያብጣል። ስቶፕ ጭራሽ የሌለው ሰው፣ እንደ እርስዎ፣ ይህን ነገር ጫፍ አድርሶታል፦ ሁልጊዜ ያተርፋል፣ አንድ ቀን እስኪጠፋ። የመሞላት ድግግሞሽ ብቻውን ተነጥሎ ሲነገርዎት፣ እስኪሞላ ድረስ ዋጋው በተቃራኒው ምን ያህል እንደሄደ አብሮ ካልተነገረዎት፣ አይስሙት።

እውነተኛ ገበያ ፍጹም የሳንቲም ውርወራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስሌቱን ያመጣሁት መነሻ እንዲሆነን ነው፤ አንድ ዘዴ ዋጋ አለው የሚባለው ከዚህ መነሻ የተሻለ ሲሠራ ነው። ከመነሻው የሚያፈነግጥበት አቅጣጫ ደግሞ ለእርስዎ አይመችም። ያልተጠበቀ ጥሩ ወይም መጥፎ ውጤት ያወጣ ኩባንያ ዋጋው ከመጀመሪያው ዝላይ በኋላም ለሳምንታት ወደዚያው አቅጣጫ የማዘንበል ልማድ እንዳለው ቦልና ብራውን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1968 ካሳዩ ወዲህ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። በትልልቅና ብዙ ተንታኝ በሚከታተላቸው ኩባንያዎች ላይ ይህ ዝንባሌ በጊዜ ብዛት እየሳሳ መጥቷል፤ ስለዚህ ሄደው ተከትለው ይግዙ አልልዎትም። ግን ከጥሩ ውጤት በኋላ የተፈጠረን ሰፊ ጋፕ ሾርት የሚያደርግ ሰው ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚሄደው። በአንጻሩ ያለ ዜና የተፈጠረ ትንሽ ጋፕ፣ ለምሳሌ አንድ ትልቅ ሻጭ ጠዋት ላይ በችኮላ ስለሸጠ ዝቅ ብሎ የተከፈተ፣ ችኮላው ሲያልፍ የመመለስ ምክንያት አለው። ሰው መሙላትን ተማምኖ የሚነግድ ከሆነ ቦታው ያ ነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። የተለመዱት አራት ናቸው። ኮመን ጋፕ የሚባለው ዋጋው በአንድ ክልል ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ሳለ የሚፈጠር ተራ ክፍተት ነው። ብሬክአዌይ ጋፕ ዋጋው ለሳምንታት ታጥሮ ከቆየበት ክልል ሰብሮ ሲወጣ የሚፈጠር ነው። ረናዌይ ጋፕ በተጀመረ ጉዞ መካከል የሚመጣ ሲሆን፣ አንዳንዶች የጉዞው ግማሽ ላይ ነው ብለው ቀሪውን ርቀት ይለኩበታል፤ እኔ ይህን መለኪያ አምኜ ገንዘብ አላስቀምጥበትም። ኤግዞስሽን ጋፕ ደግሞ ረዥም ጉዞ ሊያበቃ ሲል የሚታይ የመጨረሻ ዝላይ ነው። ከእሱ በኋላ ዋጋው ጥቂት ቀን ከላይ ቆይቶ በሌላ ጋፕ ወደታች ቢመለስ፣ በሁለት ክፍተቶች መካከል ተነጥለው የቀሩት ካንድሎች አይላንድ ሪቨርሳል ይባላሉ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ኤግዞስሽን ጋፕ ቶሎ ይሞላል፣ ብሬክአዌይ ጋፕ ቶሎ አይሞላም ይባላል። ግን አንድን ጋፕ ኤግዞስሽን ነው የምንለው መቼ ነው? ተሞልቶ ካየን በኋላ ነው። ሳይሞላ ጉዞው ቢቀጥል ኖሮ ያንኑ ጋፕ ረናዌይ እንለው ነበር። ስለዚህ «ኤግዞስሽን ጋፕ ይሞላል» ማለት «የተሞላ ጋፕ ተሞልቷል» ከማለት ብዙ አይርቅም። «ብሬክአዌይ ነው ወይስ ኤግዞስሽን» ብለው ሲጠይቁኝ በሌላ አነጋገር «ይሞላል ወይስ አይሞላም» እያሉኝ ነው፤ ስሙ መልሱን ተሸክሟል እንጂ ወደ መልሱ አያደርስም።

ይህን በአንድ እውነተኛ አክሲዮን ላይ ማየት ይሻላል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በፌብሩዋሪ 2፣ 2022 እ.ኤ.አ. 323 ዶላር ላይ ዘጋ። ከመዝጊያው በኋላ ያወጣው ውጤት ገበያውን አስደነገጠ፤ የፌስቡክ ዕለታዊ ተጠቃሚዎች ቁጥር በትንሹ ወርዷል፣ አፕል በስልኮቹ ላይ ያደረገው የግላዊነት ለውጥም በዓመቱ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገቢ እንደሚያሳጣው ኩባንያው ተናገረ። በማግስቱ 245 ዶላር ገደማ ላይ ተከፍቶ በ237.76 ዘጋ። በአንድ ቀን 26 በመቶ ወረደ፤ ከኩባንያው የገበያ ዋጋ ላይ ከ230 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተነነ። በቻርቱ ላይ ከ317 አካባቢ እስከ 250 አካባቢ የሚደርስ ገደል ተፈጠረ።

ያን ቀን «ይሞላል» ብሎ በመዝጊያው ዋጋ የገዛ ሰው ልክ ነበር። ጋፑ ተሞልቷል። የተሞላው ግን በጁላይ 2023፣ ከአሥራ ሰባት ወር በኋላ ነው። በመካከሉ፣ በኖቬምበር 2022፣ አክሲዮኑ ወደ 88 ዶላር ወርዶ ነበር። ከ237.76 ወደ 88 ማለት የገንዘቡን 63 በመቶ ማጣት ነው፤ ያንን ችሎ የተቀመጠ ሰው በመጨረሻ ያገኘው 33 በመቶ ገደማ ነው። በብድር የገዛ ሰው ደግሞ ብሮከሩ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ሸጦበታል፤ ጋፑ ሲሞላ እሱ የለም። በስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ ላይ ይህ ጋፕ «ተሞልቷል» በሚለው ረድፍ ነው የሚመዘገበው።

ልክ በዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 2023፣ ያው አክሲዮን በተቃራኒው ዘለለ። 153 ዶላር ላይ ዘግቶ ነበር፤ ውጤቱን ሲያወጣ በማግስቱ 183 አካባቢ ተከፍቶ 188.77 ላይ ዘጋ፣ 23 በመቶ ጭማሪ። በዚያን ጊዜ ዋጋው ከ88 ተነስቶ 70 በመቶ በላይ አድጎ ስለነበር፣ «ደክሟል፣ ኤግዞስሽን ነው» ለማለት ምክንያት ያለው ሰው ብዙ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ወደ 170 አካባቢ ሲመለስም የሾርት ባለቤቶች «ይኸው፣ መሙላት ጀመረ» ብለው ይሆናል። ከዚያ አልወረደም። በ2024 ማብቂያ ከ580 ዶላር በላይ ነበር። ሁለቱም ጋፖች የአንድ ኩባንያ ናቸው፣ ሁለቱም የውጤት ሪፖርት የወለዳቸው ናቸው፣ ቮልዩማቸውም ከወትሮው እጅግ የበዛ ነበር። የመጀመሪያው ተሞላ፣ ሁለተኛው አልተሞላም፤ «ይሞላል» ብሎ የገባው ሰው ግን በሁለቱም በጣም ተጎዳ።

ታዲያ በዕለቱ ሊታወቅ የሚችል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያ የማየው መንስኤውን ነው፦ የኩባንያውን የወደፊት ገቢ የሚቀይር ዜና አለ ወይስ የለም? ቀጥሎ ስፋቱን በአክሲዮኑ በራሱ እንቅስቃሴ እለካለሁ። በቻርት ፕሮግራሞች ላይ ATR የሚለውን የአማካይ ዕለታዊ ውዥቀት መለኪያ በ14 ቀን አድርገው ይክፈቱና ጋፑ ከመፈጠሩ በፊት በነበረው ቀን ያለውን ቁጥር ይውሰዱ። በቀን 1 ዶላር በሚዋዥቅ አክሲዮን ላይ ATR ወደ 1.60 አካባቢ ይሆናል፤ የቀኑን ከፍታና ዝቅታ ስለሚለካ ከመዝጊያ እስከ መዝጊያ ካለው ለውጥ ይሰፋል። የእርስዎ 4.40 ዶላር ጋፕ የዚህን ሁለት እጥፍ ከሦስት አራተኛ ነው። ከአንድ ATR ያነሰ ጋፕ የተራ ቀን እንቅስቃሴ ሊሸፍነው ይችላል፤ ከሁለት ያለፈውን ግን ለመሙላት ሐሳቡን የቀየረ ገበያ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው የጋፑ ቀን አዘጋግ ነው። ከፍ ብሎ የተከፈተ አክሲዮን ቀኑን ሙሉ ሲሸጥ ውሎ በቀኑ ዝቅታ አጠገብ ከዘጋ፣ በከፍታው የገዙት ሰዎች ኪሳራ ውስጥ እንደተያዙ ያሳያል፤ በቀኑ ከፍታ አጠገብ ከዘጋ ደግሞ ገዢው ገና አልጠገበም። ያኔም ቢሆን ይህ ሚዛኑን በጥቂቱ ያዘነብላል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ቮልዩሙን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ይተማመንበታል። በውጤት ማግስት ቮልዩም ሁልጊዜ ይበዛል፤ አራት እጥፍ መሆኑ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል፣ ሲቀርብም አይቻለሁ።

ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጋፕ የሚመስል ሁሉ ጋፕ አይደለም። አክሲዮን የትርፍ ድርሻ በሚለይበት ቀን ዋጋው የድርሻውን ያህል ዝቅ ብሎ ይከፈታል፤ ያ ገንዘብ ለባለቤቶቹ ስለሚሄድ የሚመለስ ክፍተት አይደለም። ኤንቪዲያ በጁን 2024 አንዱን አክሲዮን ለ10 ሲከፍል ዋጋው ከ1,200 ዶላር በላይ ከነበረበት በአንድ ሌሊት ወደ 120 ገደማ ሆነ፤ ያልተስተካከለ ቻርት የሚያይ ሰው 90 በመቶ የወደቀ ኩባንያ ያያል። ፊውቸርስ ላይ ደግሞ አንዱ ውል አልቆ ቻርቱ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር፣ በሁለቱ ውሎች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ጋፕ ሆኖ ይሳላል። በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚገበያይ አክሲዮንም ቻርቱ በጋፕ የተወጋ ወንፊት ይመስላል። ማንኛውንም ጋፕ ከመነገድዎ በፊት ዋጋው የተስተካከለ መሆኑን ያረጋግጡ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። አሁን ካሉበት 60.40 እስከ 50.80 ያለው ርቀት 9.60 ዶላር ሆኗል። በዚያው መነሻ ስሌት በሚቀጥሉት 10 ቀናት ውስጥ የመሞላት ዕድሉ ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ በ60 ቀን 21 በመቶ ገደማ፣ በአንድ ዓመት 54 በመቶ ገደማ ነው። ከውጤቱ ወዲህ ውዥቀቱ ጨምሮ ከሆነ እነዚህ ቁጥሮች ከፍ ይላሉ፤ ግን 70 ዶላር የመድረስ ዕድሉም በዚያው ልክ አብሮ ከፍ ይላል። እስካሁን በአንድ አክሲዮን 4.30 ዶላር ከስረዋል። ሾርት ላይ ኪሳራ ጣሪያ የለውም፤ አክሲዮኑ የትርፍ ድርሻ ቢከፍል ከእርስዎ ኪስ ነው የሚወጣው፣ ያበደረዎት ወገን ቢጠራውም በማይመችዎት ቀን ገዝተው ለመመለስ ይገደዳሉ።

ስለዚህ በሚቀጥለው የግብይት ቀን ገዝተው ይዝጉት፤ ግማሹን አይደለም፣ ሙሉውን። «ትንሽ ወረድ ሲልልኝ» ብለው አይጠብቁ፤ ወረድ ሲልማ መሙላት ጀመረ ብለው ይቀመጣሉ። እስከዚያ ስቶፕ ቢያስገቡም ከሌሊት ዜና እንደማያድንዎት ይወቁ። 62 ላይ ስቶፕ ያስቀመጠ ሰው አክሲዮኑ በማግስቱ 66 ላይ ቢከፈት የሚዘጋለት በ66 አካባቢ ነው። ጋፕ የሚነግድ ሰው ሌላ ጋፕ ሊመታው እንደሚችል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ይህን አክሲዮን ወደታች መነገድ አሁንም ከፈለጉ፣ ዋጋው መጀመሪያ ከ55.20 በታች ይዝጋ። ያ ማለት ከውጤቱ በኋላ የገዙት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ኪሳራ ላይ ናቸው ማለት ነው፣ የመሸጥ ምክንያትም ያኔ ይኖራቸዋል። በ55 ገብተው ስቶፑን 57 አካባቢ፣ ግብዎን 50.80 ላይ ቢያደርጉ ሁለት ለማጣት አራት ለማግኘት ነው የተሰለፉት፤ ከሦስት አንዱን በትንሹ በልጠው ቢያሸንፉ እንኳ ወጪዎን ይሸፍናሉ። የቀን ገደብም ይጻፉለት፣ ለምሳሌ 15 የግብይት ቀን። ከሚቀጥለው የሩብ ዓመት ውጤት አንድ ቀን በፊት ግን ባሉበት ሁኔታ ይውጡ፤ ገደቡ ባይሞላም፣ ግቡ 50 ሳንቲም ቢቀረውም።